ሦስት ደቂቃ፣ ግን ማንም ሳይቀር፦ ለጋሼ እንዴት ልንገራቸው?

እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ በ9 ሰዓት የአያቴ ቀብር ነው፤ የሕይወት ታሪካቸውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ታላቁ አጎቴ ጋሼ ያዘዙኝ እንዲህ ነው፦ «ከሦስት ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው። ግን አንድም ነገር እንዳታስቀር። የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ በስም ይጠሩ።»

ጽፌ ጨረስኩና ሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። 7 ደቂቃ! የ8 ልጆችና የ23 የልጅ ልጆች ስም ከነአባታቸው ብቻውን ከአንድ ደቂቃ በላይ ወሰደ። ፈጠን ብዬ ላንብበው እንዳልል፣ ቀብር ላይ እንደ ዜና አይነበብም።

ያሰብኩት ልጆቹን በስም ጠርቼ፣ ለሌሎቹ «23 የልጅ ልጆች አይተዋል» ማለት ነው። ትውልዳቸው፣ ሥራቸውና ትዳራቸው በአጭሩ ይነበባል። ሙሉው ጽሑፍ ደግሞ ታትሞ ድንኳን ውስጥ ይታደላል።

የከበደኝ ለጋሼ መንገሩ ነው። አባታቸውን ገና ዛሬ ያጡ ሰው ናቸው። «አይሆንም» ብላቸው ሙግት ይመስላል። እንዲህ ልል አስቤያለሁ፦ «ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሁሉንም አስገብቼ ሳነበው 7 ደቂቃ ሆነ። ሰዓቱ ይቅደም ወይስ ስሙ? እርስዎ ያሉትን አደርጋለሁ።»

ይህ አነጋገር ድፍረት ይሆንብኛል? ሁለቱንም ቅጂ ይዤ ልቅረብ ወይስ አጭሩን ብቻ? በአክስቴ በኩል እንዳላስነግር፣ እሷ ብቻዋን 6 ልጆች አሏት፤ ስማቸው ሲቀር ዝም የምትል አይመስለኝም። ዛሬ ማታ ለቀስተኛው ሲበተን ነው የማናግራቸው።