64 ኮድ እያለ ለምን 26 ሰው ብቻ? (ሲዲኤምኤ)

ሰላም ወገኖች፣ የአይኤስ-95 አፕሊንክ ስሌት ላይ ተቸግሬያለሁ፣ እርዱኝ።

ባለ 4 ቺፕ ሁለት የዋልሽ ኮዶች ወሰድኩ፦ (1, 1, -1, -1) እና (1, -1, -1, 1)። አባዝቼ ስደምራቸው ዜሮ ነው፤ አይነካኩም። ቢቱ ሳይቀየር የመጀመሪያው በአንድ ቺፕ ሲዘገይ ግን (-1, 1, 1, -1) ይሆንና ድምሩ -4 ይመጣል። አንዱ ስልክ ሌላው ላይ ሙሉ በሙሉ ወጣበት ማለት ነው! ስልኮች እኩል ሰዓት ስለማይደርሱ አፕሊንኩ በረጅም ፒኤን ኮድ እንደሚለያቸው ገብቶኛል። እንግዲህ ገደቡ 64ቱ ኮድ ሳይሆን የእርስ በርስ ረብሻው ነው።

1.2288 ሜጋቺፕ ለ9.6 ኪሎቢት ሲካፈል 128 ነው። ሁሉም በእኩል ኃይል ደርሰው የሚፈለገው Eb/N0 5 (7 ዲቢ ገደማ) ከሆነ፦

```
N = 1 + 128/5 = 26.6 → 26
```

የጨነቀኝ ይሄ ነው። ሰው ዝም ሲል የሚቀንሰው ረብሻና ከጎረቤት ሴል የሚጨመረው የት ይገባሉ? የሚነኩት 128/5ን ብቻ ነው ወይስ 1ንም ጭምር?