በአያቷ እጅ የተጻፈው «ድህነቴ ከአንተ ነው»

የልጅቷ እናት፣ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ስዊድን ኖሬ፣ እናቴን ላስታምም ወደ ሐዋሳ ከመጣሁ አምስተኛ ወሬ ነው። ልጄ ሃያ ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ስቶክሆልም ስለሆነ አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። አምና ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በደኅና ስትወጣ አያቷ ከአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ላከችላት። ልጄ አሁን ያንን ጽሑፍ፣ በአያቷ የእጅ ጽሑፍ እንዳለ፣ ክንዷ ላይ ልትነቀሰው ነው። ቀጠሮዋ በመጪው ወር መጀመሪያ ነው።

ንድፉን ስትልክልኝ ደነገጥሁ። «ድህነቴ ከአንተ ነው» ይላል። እናቴ ለማለት የፈለገችው «የዳንሁት በአንተ ነው» ነው፤ ስትጸልይ እየሰማሁት ያደግሁት ቃል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ምን ብሎ ያነበዋል? ዛሬ ጠዋት ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ ምንም ሳልናገር ለሦስት ሰዎች አሳየሁ። የሰፈራችን ባለ ሱቅ አንብቦ ሲጨርስ «ማን ነው ያደኸያት?» አለኝ። ጎረቤቴ የቀድሞ ባል ላይ የቀረበ ወቀሳ መሰላት። ሦስተኛው ሰውም ድህነት ብሎ ነው ያነበበው። ምን ላድርግ? ልጅቷ ቋንቋውን የማያነብ አገር ውስጥ ስለምትኖር ግድ የለም የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን እዚህ እየመጣች፣ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች የምትኖር ልጅ ናት ያለችኝ።

አንድ አባት፣ ከዋሽንግተን

እህቴ፣ አይጨነቁ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ዛሬ አንድ ድምፅ ናቸው። ጋዜጣውም መጽሐፉም እንዳሻው ያቀያይራቸዋል፤ ማንም አይፈርድም። እኔ የራሴን ልጅ ስም በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ አይቻለሁ። አያት በፍቅር የጻፉት ነገር ስሕተት ሊባል አይገባም።

የግእዝና አማርኛ መምህር፣ ከአዳማ

የደነገጡት በከንቱ አይደለም። ወንድማችን ስለ ድምፁ ያሉት ልክ ነው፤ በአማርኛ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በአንድ ድምፅ ይነበባሉ። ቃሉ ግን የመጣው ከግእዝ ነው። በግእዝ «ድኅነ» ማለት ዳነ ማለት ሲሆን የሚጻፈው በብዙኃኑ ኀ ነው። ደኅና፣ መድኃኒት፣ መድኃኔ ዓለም ሁሉም የዚሁ ቃል ልጆች ናቸው። አንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ቆመው ሰሌዳውን ቢያነቡ፣ ጸሐፊው ጠንቃቃ ከነበረ ያንኑ ፊደል ያገኙታል። «ድህነት» ግን ድሀ ከሚለው የሚወጣ ሌላ ቃል ነው፤ ድኻ ብለው የሚጽፉም አሉ።

ብዙ ጊዜ ፊደል መቀያየሩ ትርጉም አይለውጥም። ኀይል ብለው ቢጽፉ ሀይል ብለው ቢጽፉ አንባቢው አይሳሳትም፤ የሚወዳደረው ሌላ ቃል የለምና። ሁለት ቃላት በአንድ ድምፅ ሲገናኙ ግን ፊደሉ ብቻውን ሸክሙን ይሸከማል። በንጉሡ ሠ የተጻፈ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ፀሐይ ሠረቀ እንደሚባለው። በእሳቱ ሰ የተጻፈ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። የእርስዎ ልጅ ያገኘችው እንዲህ ያለውን ጥንድ ነው። ስለዚህ አንድ ፊደል ብቻ ይለወጥ፤ «ህ» ወጥቶ «ኅ» ይግባ። «ድኅነቴ ከአንተ ነው» ሲሆን ንጹሕ ነው።

ስሟን መግለጽ ያልፈለገች፣ ከቶሮንቶ

የእኔ ነገር ከፊደል ጋር የተያያዘ አይደለም፣ ግን ልንገራችሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የእጅ አንጓዬ ላይ «ዘላለም» የሚል ተነቀስሁ። ፊደሉ ትክክል ነው፣ ትርጉሙም ትክክል ነው፣ አያቴም አይታ አጽድቃዋለች። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ከአክስቴ ልጆች ጋር ስንቀመጥ ግን የሚያየኝ ሁሉ «ዘላለም ማነው?» ይለኛል። የወንድ ስም መሆኑን አላሰብሁም ነበር። አሁን ያጨኝ ሰው ስሙ ሌላ ነው፤ ቤተሰቦቹ አንጓዬን ሲያዩ ዝም አሉ፣ ዝምታው ከብዶኛል። አንዲት «ለ» ከፊት ብትጨመር «ለዘላለም» ሆኖ ስምነቱ ይቀር ነበር። ትዕግሥት፣ ተስፋ፣ ፍቅር፣ እምነት፣ የእኛ መልካም ቃላት ሁሉ ሰው ይጠራባቸዋል። ብቻቸውን ከመነቀሳቸው በፊት ይህን አስቡበት።

አንድ ወንድም፣ ከዱባይ

ሆቴል ለመቀጠር ክንድ ላይ የሚታይ ንቅሳት ችግር ሊሆን ይችላል፤ እኔ ሁለት ጊዜ በዚህ ምክንያት ተመልሻለሁ። በእጅጌ የሚሸፈን ቦታ ብትመርጥ ጥሩ ነው። ወደዚህ ለሥራ የምትመጣ ከሆነ ጻፉልኝ።

የልጅቷ እናት፣ ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ፤ ልጄ ለሥራ ወደ ዱባይ አትሄድም። ቶሮንቶ ያለሽው እህቴ፣ ስለ ዝምታው የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል።

መምህር፣ እንዳሉኝ በብዙኃኑ ኅ ጽፌ ሌሎች አራት ሰዎች ጋር ሄድሁ። ከገብርኤል የሚመለስ አንድ ዲያቆን ወዲያው «ድኅነት፣ መዳን» አለኝ። የቀሩት ሦስቱ ግን አሁንም ድህነት ነው ያሉት። አንዷ የባንክ ሠራተኛ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ስታነብ የምትውል። ፊደሉን ያየው የለም ማለት ይቻላል፤ የለመዱትን ቃል ነው ያነበቡት። ታዲያ ልክ የሆነ ጽሑፍ ሁሉም ሰው ስሕተት አድርጎ ካነበበው ምን ዋጋ አለው?

ሌላም አለ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ልጆች ወልዳ፣ ማታ ማታ፣ በፋኖስ። ሀሌታውን ሀ ተማረች፣ ዕድሜዋን ሙሉ በእሱ ጻፈች። ልጄ «የአያቴን እጅ አላርምም» ብላኛለች። ይህንንም መናቅ አልቻልሁም።

ንቅሳት የምሠራ፣ ከአዳማ

እናታችን ያደረጉት ፈተና ትክክለኛው ነው። «ይህ ልክ ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ትርጉሙን አስቀድሞ ስለሰማ «ልክ ነው» ይላል። ወረቀቱን ሰጥቶ «ምን ይላል?» ማለት ነው ያለብን። እኔ በማላነበው ፊደል ንድፍ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሲያጋጥመኝ ሁለት የማይተዋወቁ አንባቢዎችን ሳያገኝ መርፌ አላነሣም።

አንዳንድ ሰው «ያዳንከኝ አንተ ነህ» ይሁን ሊላችሁ ይችላል። ይህ ከድህነት ያመልጣል፤ ግን ሌላ ጣጣ አለው። የ«ዳ» ግራ እግር አጭር ነው። ፊደላችንን የማያውቅ ነቃሽ ሁለቱን እግሮች እኩል ማድረግ ያምረዋል፤ እኩል ሲሆኑ «ደ» ይሆንና «ያደንከኝ» ተብሎ ይነበባል፣ እንደ አውሬ ያሳደድከኝ ማለት ነው። «አዳኜ» የሚለውም አለ፤ ሲጻፍ አውሬ የሚያሳድደው አዳኝና ከሞት የሚያተርፈው አዳኝ አንድ ናቸው። የሚለያቸው መጥበቅና መላላት ነው፤ እሱ ደግሞ በፊደላችን አይጻፍም።

እኔ የምመክረው አንድ ቃል ከፊት መጨመር ነው። «አምላኬ፣ ድኅነቴ ከአንተ ነው»። አንባቢው አምላኬ የሚለውን ካየ በኋላ ድህነትን አይጠብቅም፣ «አንተ» የተባለውም ወንድ ወዳጅ መሆኑ ይቀራል።

ስለ ሥራው ደግሞ፦ ጽሑፉን ለነቃሹ በመልእክት ተይቦ መላክ አይገባም። የእሱ ኮምፒውተር የግእዝ ፊደል ከሌለው ባዶ ሣጥን ብቻ ያያል። የወረቀቱ ሥዕል በትልቁ ተነሥቶ ይላክለት፤ ቀጥታ ከሥዕሉ ላይ ይቅዳ። በሐሳቡ «ላሳምረው» እንዳይል ይነገረው። ከዚያ በቀጠሮው ቀን፣ ቅጂው በሐምራዊ ቀለም ቆዳዋ ላይ ሲለጠፍ፣ መርፌው ሳይነካ ፎቶ ታንሣና ለእናቷ ትላክ። በስልኩ የኋላ ካሜራ ታንሣው፤ የፊተኛው አንዳንድ ጊዜ ጽሑፉን ገልብጦ ያሳያል። ቅጂው በሳሙናና በውኃ ይጠፋል፤ አሥር ጊዜ ቢለጠፍ ኪሳራ የለውም። መጠኑም እንዳያንስ። ቀለም በዓመታት ውስጥ ከቆዳው ሥር ትንሽ ትንሽ ይሰፋል፤ እንደ «ው» ያለው ፊደል ክቡ ይደፈንና ጥቁር ነጥብ ይሆናል። እኔ ከአንድ ሣንቲ ሜትር በታች የሆነ ፊደል አልሠራም።

አንድ አባት፣ ከዋሽንግተን

ስለ ዲያቆኑና ስለ ባንክ ሠራተኛዋ የጻፉትን ሳነብ አሳቤን ለውጫለሁ። አንድ ነገር ግን አልቀበልም። የአያቲቱን እጅ ጽሑፍ ቆርጦ ሌላ ሰው የጻፈውን ፊደል መሐል መሰካት አይሆንም። ይታወቃል፤ በአንድ ልብስ ላይ የሌላ ቀለም ክር እንደማስገባት ነው።

መምህሩ፣ ከአዳማ

«አምላኬ» መጨመሩ መልካም ነው። ግን እኔ በቃሉ እደርቃለሁ፤ አንባቢው ፊደሉን ባያስተውል ጥፋቱ የፊደሉ አይደለም። ድኅነት በኅ ይጻፍ። ድነት የሚሉም አሉ፤ እሱን የሚጽፍ ሰው ከዚህ ጭንቀት ሁሉ ያርፋል፤ ነገር ግን የአያቲቱ ቃል አይደለም።

የልጅቷ እናት፣ ከሐዋሳ

ትናንት ማታ እናቴን ጠየቅኋት። ብዙኃኑን ኅ በትልቁ ጽፌ አሳየኋትና ለምን እንደሆነ ነገርኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። «ይህ የመድኃኔ ዓለሙ ነው» አለች። ከዚያ የልጆች ደብተር አስመጥታ አልጋዋ ላይ ተደግፋ፣ ዓረፍተ ነገሩን በአዲሱ ፊደል አሥራ አንድ ጊዜ ጻፈችው። የመጀመሪያዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከስድስተኛው በኋላ እጇ ጸና። ገጹን በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሥቼ ለልጄ ላክሁላት። እሷ የመረጠችው ሦስተኛውን፣ የሚንቀጠቀጠውን ነው።

«አምላኬ» የሚለውን ግን እናቴ አልጻፈችም። ለመንኋት። «ለማን እንደምናገር እሱ ያውቃል» አለችኝና ደብተሩን ዘጋችው። ልጄም እስካሁን አልወሰነችም፤ አንዴ ይጨመር ትላለች፣ አንዴ አያቴ ያልጻፈችውን አልነቀስም ትላለች። ቅጂው ቆዳዋ ላይ በተለጠፈ ዕለት ፎቶውን ለመምህርና ለአዳማው ነቃሽ እልካለሁ፤ እባካችሁ ስልካችሁን ክፍት አድርጉ።