ክዳኑ የማይስተካከል ብሉ ደ ሻኔል፦ ኦርጅናል ሊሆን ይችላል?

ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ 100 ሚሊ ብሉ ደ ሻኔል ሽቶ ልገዛ ቀብድ ከፍያለሁ፤ ለወንድሜ የሰርግ ስጦታ ነው። ቀሪውን ከመክፈሌ በፊት ሻጩ ፎቶዎች በቴሌግራም ልኮልኛል።

ለማሳያ ከተከፈተው ካርቶን ሥር የታተመው ባለ 4 አሃዝ ባች ኮድ ከጠርሙሱ ሥር ካለው ጋር አንድ ነው። ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ሳስገባው የምርቱን ዘመን አወጣልኝ። ይህ ግን ብቻውን አያሳምነኝም፤ ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ከአንድ ኦርጅናል ላይ እውነተኛውን ኮድ ገልብጦ በሁሉም ላይ ማተም ይችላል። ኮዶቹ ቢለያዩ ኖሮ ወዲያው እተወው ነበር።

እኔ የምገዛው ያልተከፈተ ካርቶን ላስቲክ ጫፉ ላይ የተጨማደደ ነው፣ የሙጫ ጠብታም ይታያል። የኦርጅናሉ እጥፋት ጥብቅና ንጹሕ ነው። ሆኖም ላስቲክ በሌላ እጅ እንደገና ሊታሸግ ስለሚችል እዚህ ላይ አልቸኮልኩም።

የከበደኝ ክዳኑ ነው። የዚህ ሽቶ ክዳን ማግኔት ስላለው ጠመም አድርገው ሲያስቀምጡት ራሱ ዞሮ ይስተካከላል። ፎቶ ይህን ስለማያሳይ ከተከፈተው ማሳያ ጠርሙስ ላይ ቪዲዮ አስቀረጽኩ፤ ክዳኑ እንደጠመመ ቀረ።

ኮዱ ገጥሞ ክዳኑ የማይዞር ኦርጅናል ብሉ ደ ሻኔል በእጁ ይዞ ያየ ሰው አለ?