ከኢንተርቪው በኋላ ትዝ ያለኝን ምሳሌ በኢሜይል ብጨምር ያስገምተኛል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በጂኤንኤነት፣ ማለትም የአረጋውያን ነርስ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ትናንት ለአንድ ሆስፒታል የነርስ ረዳትነት ኢንተርቪው ነበረኝ። ሦስት ሰዎች ናቸው የጠየቁኝ፣ አብዛኛው ደህና ሄደ። አንዷ ግን "የታካሚ ሁኔታ መለወጡን ቀድመሽ ያስተዋልሽበትን ጊዜ ንገሪን" ስትለኝ "ሁልጊዜ እከታተላለሁ፣ ለውጥ ካየሁ ለነርሷ እናገራለሁ" ብዬ በደፈናው አለፍኩት። ዋናው አጋጣሚ ትዝ ያለኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ዛሬ የምስጋና ኢሜይል ልልክ ስለሆነ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ስለ ትናንቱ አመሰግናለሁ። ይቅርታ፣ ስለተጨነቅኩ ያንን ጥያቄ በደንብ አልመለስኩም። ልምድ የለኝም ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም አንዲት እናት ኢንፌክሽን እንደያዛቸው ከማንም በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ።"

ለባለቤቴ ሳነብለት "ከሰው ተጣልተሽ የጻፍሽው ነው የሚመስለው" አለኝ። ምኑ ላይ ነው?

ከዳላስ

እህቴ፣ እኔ ብሆን ጭራሽ አልጽፈውም። ሁለት መስመር ምስጋና በቂ ነው። የረሳሽውን አንቺው ለምን ታስታውሻቸዋለሽ? ደግሞ የምስጋና ኢሜይል በ24 ሰዓት ውስጥ ካልሆነ ባይላክ ይሻላል።

ከሚኒያፖሊስ

ባለቤትሽ ልክ ነው። እኔ ሆስፒታል ቻርጅ ነርስ ነኝ፣ ለክፍላችን ሰው ሲቀጠር ከጠያቂዎቹ አንዷ ሆኜ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ምሳሌሽ ጥሩ ነው፣ እንዳትተይው። ችግሩ ኢሜይልሽ ስለ ኢንተርቪው ማውራቱ ነው። "ተጨነቅኩ"፣ "በደንብ አልመለስኩም"፣ "ማለት አይደለም" ሁሉም ስለ ትናንቱ ነው። ልምድ የለሽም ያለሽ ሰው የለም። ያልተባለ ነገር ስታስተባብዪ ግን አንባቢዋ "ቆይ፣ ልምድ የላትም እንዴ?" ማለት ትጀምራለች። ይቅርታውንም ማስተባበሉንም አውጪና ስለ ሥራው ብቻ ጻፊ።

ሁለተኛው ደግሞ ለእኔ ከዚህም ይብሳል። "ኢንፌክሽን እንደያዛቸው ያወቅኩት እኔ ነኝ" አትበይ። የነርስ ረዳት በሽታ አትለይም፤ ታያለች፣ ትለካለች፣ ትናገራለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ያነበበች ነርስ "ከሥራ ድርሻዋ ትወጣ ይሆን?" ብላ ትሰጋለች፣ አንቺ ጉብዝናሽን ልታሳዪ ብለሽ። ለመሆኑ የዚያን ቀን ምን አየሽ?

ወንድሜ ከዳላስ፣ ቶሎ መላኩ ላይ እስማማለሁ። ግን 24 ሰዓት ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ቁም ነገሩ ጠያቂዎቹ ተነጋግረው ሳይወስኑ መድረሱ ነው። እኛ ጋ አንዳንዴ በዚያው ቀን እንነጋገራለን፣ አንዳንዴ የመጨረሻው ሰው እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። "መቼ ትወስናላችሁ?" ብሎ ከመውጣት በፊት መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት ነበር። ሁልጊዜ በስሜ የሚጠሩኝ እናት አላወቁኝም። ቁርሳቸውን አልነኩም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል። ሙቀታቸውን ስለካ ከወትሮው ከፍ ብሏል። የፈረቃ ርክክብ እስኪደርስ አልጠበቅኩም፣ ወዲያው ለነርሷ ነገርኩ። እሷ ለሐኪሙ ደወለች፣ ሽንት ተመረመረ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተገኘ። ሆስፒታል ሳይሄዱ እዚያው ታክመው ተሻላቸው።

ከሲያትል

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ የእኔም ተመሳሳይ ነው። ሲቪዬ ላይ እናቴን ለማስታመም አዲስ አበባ የቆየሁበት ክፍተት አለ። ኢንተርቪው ላይ አልጠየቁኝም። አሁን በኢሜይል ላስረዳቸው ወይስ ልተወው?

ከሚኒያፖሊስ

ወንድሜ ከሲያትል፣ ያንተ ሌላ ነው። እሷ የተጠየቀችው ላይ ነው የምትጨምረው፣ አንተ ያልተጠየቅከውን ልታስረዳ ነው። ካልጠየቁህ ተወው። ከጠየቁህ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስና ወደ ሥራው ተመለስ።

እህቴ፣ ያ ጠዋት ግሩም ነው! በተለይ "ርክክብ እስኪደርስ አልጠበቅኩም" ያልሽውን። ኃላፊዋ የምትፈልገው እሱን ነው። አሁን የነገርሽኝን እንዳለ ብታሰፍሪው ይበቃል። ሐሳቡ እንዲህ ይሁን፣ በእንግሊዝኛ አንቺ ጻፊው፦

"ትናንት ስላነጋገራችሁኝ አመሰግናለሁ። ክፍላችሁ ብዙ አረጋውያን ታካሚዎች እንዳሉት መስማቴ ለሥራው ያለኝን ፍላጎት ጨምሮታል። የታካሚን ለውጥ ስለማስተዋል ከጠየቃችሁኝ ጋር የሚሄድ አንድ አጋጣሚ ልጨምር። አንድ ጠዋት ሁልጊዜ የሚያውቁኝ አረጋዊት ግራ ተጋብተው፣ ቁርስ ሳይነኩ አገኘኋቸው። ሙቀታቸውን ለክቼ ከወትሮው ከፍ ማለቱን ስላየሁ ርክክብ ሳልጠብቅ ለነርሷ ነገርኩ። በምርመራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተገኘ፣ እዚያው ታክመው ተሻላቸው። በእናንተም ክፍል በዚሁ ጥንቃቄ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ሌላ የምትፈልጉት መረጃ ካለ በደስታ እልካለሁ።"

ስለ አረጋውያኑ ያልኩት ግምቴ ነው፣ እነሱ በእርግጥ የነገሩሽን አንድ ነገር ተኪበት። "ልጨምር" ካልሽ በኋላ ለምን ትናንት እንዳላነሳሽው አታስረጂ። "በተጨማሪም" ብለሽ ሁለተኛና ሦስተኛ ምሳሌ እንዳታመጪ፣ ያኔ ኢንተርቪውን እንደገና ልትወስጂ የፈለግሽ ይመስላል። ስልክ ላይ ተከፍቶ በአንድ ዕይታ የሚያልቅ ይሁን። የእናትየዋን ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ ቀኑን እንዳታነሺ፤ የታካሚ ምስጢር በኢሜይል ያወጣች ሠራተኛ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀውን ሕግ፣ ሂፓን፣ አታውቅም ይሉሻል።

ከለንደን

የምትሉት ለአሜሪካ ይሠራ ይሆናል። እኛ ጋ በመንግሥት የጤና አገልግሎቱ በኤንኤችኤስ ውስጥ ለሁሉም ተወዳዳሪ ያው ጥያቄ ይቀርባል፣ ጠያቂዎቹ እዚያው የሰሙትን ጽፈው ነጥብ ይሰጣሉ። በኋላ የሚመጣ ኢሜይል ነጥብ ሲቀይር አላየሁም። እንዲያውም ሌሎቹ ያላገኙት ዕድል ስለሚሆን ብዙዎቹ አይቀበሉትም። እዚህ የረሳኸውን የምትናገረው ክፍሉ ውስጥ እያለህ ነው፣ "የምትጨምረው አለ?" ሲሉህ።

ከዳላስ

ይኸው! እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ከሚኒያፖሊስ

የለንደኑ ወንድሜ ያሉት እውነት ነው። እዚህም መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ካውንቲ ላይ፣ በነጥብ ብቻ የሚሄዱ አሉ። እኛ ጋ ግን ሁለት ሰው እኩል ሲሆንብን እንዲህ ያለ ኢሜይል አንስተን ተነጋግረን እናውቃለን። ስለዚህ ጨርሶ አይጻፍ በሚለው አልስማማም።

ከለንደን

እኩል ሲሆኑ ኢሜይል መታየቱ ራሱ ለሌላኛው ተወዳዳሪ ፍትሐዊ ነው ወይ? እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አስተካክዬ ጻፍኩት፣ በጣም አጠረ። ግን የጠያቂዎቹ ኢሜይል የለኝም፣ ቀጠሮውን የያዘችልኝ የሪክሩተሯ ብቻ ነው ያለኝ። ለሦስቱም እንድታደርስልኝ ልበላት?

ከሚኒያፖሊስ

አዎ፣ ቀጠሮ በያዘችልሽ ኢሜይል ላይ መልሰሽ ጻፊና "ለጠያቂዎቹ ብታደርሺልኝ" በያት። የሁሉም ከሆነ አንድ ኢሜይል ይበቃል። ስማቸውን ከያዝሽ ጥያቄውን የጠየቀችሽን ለይተሽ ጥሪ፣ ምሳሌው የእሷ ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ለሁለተኛ ዙር ከጠሩሽ ይህንኑ ያነሱታል። ሙቀቱ ስንት ነበር፣ ሌላ ምን ለካሽ፣ ነርሷ ሥራ በዝቶባት ቆዪ ብትልሽ ምን ታደርጊ ነበር ይሉሻል። የመጨረሻውን በተለይ አስቢበት፣ እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።