48 ሰዓቱ አላለቀም እንዴ?

የገንደ ቆሬው፦ አቦ አንድ ነገር ልጠይቅ። የኩላሊት ታማሚው ልጅ ቪዲዮ ስር እንዲህ ይላል፦ «በ48 ሰዓት ውስጥ 2 ሚሊዮን ብር ካልሞላ ወንድማችንን እናጣዋለን። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ለሕክምናው ይውላል።» ቪዲዮው ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ልጁን ትናንት ታይዋን ገበያ ጋ ባጃጅ ውስጥ አየሁት፤ አላህ ዕድሜ ይስጠው። ታዲያ ይሄ ውሸት አይደለም? ወይስ ለበጎ ሥራ ሲሆን ይፈቀዳል?

ከዚራ ልጅ፦ ባጃጅ ውስጥ አየሁት ማለት ምን ማለት ነው? የታመመ ሰው ባጃጅ አይሳፈርም? ቪዲዮውን የሠራውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ በነጻ ነው የሠራው። የድሬ ሰው ደግ ነው፣ ግን ካላስደነገጥከው «ነገ እልካለሁ» ብሎ ጫቱን ይቀጥላል። ትንሽ ማስደንገጥ ግድ ነው።

የገንደ ቆሬው፦ «ትንሽ ማስደንገጥ» ስንት ሰዓት ነው? 48 ትንሽ ከሆነ 24 ስንት ይባላል?

ከዚራ ልጅ፦ ስላቁን ተወውና ስንት እንደላክህ ንገረን።

ሲስተር ሃ፦ ዳያሊስስ ክፍል ነው የምሠራው። ስለዚህ ልጅ ምንም አልናገርም፣ ልናገርም አይገባኝም። በጥቅሉ ግን ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ዳያሊስሱን በአግባቡ ካገኘ ዓመታት ሊኖር ይችላል። አብዛኛው ታካሚ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ገደማ ማሽኑ ላይ ይቆያል። ችግሩ ብር ሲያልቅ ነው። ሦስቱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አንድ። ከዚያ እግር ያብጣል፣ ተጋድሞ መተኛት ያቅታል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ፖታሲየም ደም ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ ልብ በድንገት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ 48 ሰዓቷ ከባዶ አልመጣችም። ግን አንዴ መጥታ የምታልፍ አይደለችም፤ በየሁለት ቀኑ ትመለሳለች። ጽሑፉ ይሄን ቢል ኖሮ እውነት ነበር፣ የሚያስደነግጠውም የበለጠ ነበር።

ከዚራ ልጅ፦ አየህ! ሲስተርም ማስደንገጥ አለች።

የገንደ ቆሬው፦ «እውነት ቢል» ያለችውን ዘለልካት።

ሳሚ ባንክ፦ በባዶ ትጣላላችሁ። ዋናው የሂሳብ ቁጥሩ ነው። ዝግ ሂሳብ ከሆነና ሦስት ፈራሚ ካለው ማጭበርበር አይቻልም። አለቀ።

ቶሮንቶ ያለሁት፦ አለቀ? ሦስቱ ፈራሚዎች የአንድ እናት ልጆች ቢሆኑስ? ፊርማው አንዱ ብቻውን እንዳያወጣ ይከለክላል እንጂ ብሩ ለምን እንደወጣ አይነግረኝም። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጎፈንድሚ ገንዘቡን ኢትዮጵያ ላለ ሰው በቀጥታ አይከፍልም። ውጭ ያለ ሰው ተቀብሎ ነው የሚልከው። ያ ሰው ማን ነው? ለታማሚው ምኑ ነው? በየስንት ጊዜው ይልካል? ጽሑፉ ላይ አንዷም የለችም። ሊንኩ ብቻ ተለጥፏል።

ከዚራ ልጅ፦ 20 ዶላር ልከህ የኦዲት ሪፖርት ትጠይቃለህ።

ቶሮንቶ ያለሁት፦ አዎ፣ በ20 ዶላርም እጠይቃለሁ።

ሳሚ ባንክ፦ እሺ፣ ፈራሚዎቹን በተመለከተ አልከራከርም። ግን ስለ ቁጥሩ ስሙኝ። ቪዲዮው ላይ ቁጥሩ ታች እየሮጠ ያልፋል። የንግድ ባንክ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፤ ማን ሮጦ ይጽፈዋል? ጽሑፉ ውስጥ መገልበጥ በሚቻል መልኩ መቀመጥ አለበት። የባለ ሂሳቡም ሙሉ ስም ከጎኑ። ምክንያቱም ሞባይል ላይ ቁጥሩን ስታስገባ ከማረጋገጥህ በፊት የባለቤቱን ስም ያሳይሃል። ጽሑፉ ላይ ስም ከሌለ በምን ታመሳክረዋለህ? አሁን ኮሜንት ውስጥ ገብታችሁ እዩ። አንዱ «የቤተሰቡ አዲስ አካውንት» ብሎ ሌላ ቁጥር ለጥፏል።

ሲስተር ሃ፦ ሳሚ እውነቱን ነው። አናቱስ ላይ ምን እንዳለ አይታችኋል? ስልክ ላይ «ተጨማሪ» ካልተነካ የሚታየው መጀመሪያ ያለው መስመር ነው። እዚያ ላይ «ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏን ተጫኑ» ይላል። ልጁ ከታች ነው ያለው።

ወይዘሮ ዘ፦ ልጆቼ እኔም ለእህቴ ልጅ ማሠራት እፈልጋለሁ፣ ስንት ያስከፍላሉ? እሱ አዲስ አበባ ኩላሊት ተደርጎለታል፣ አልሐምዱሊላህ። ያኔ «አንድ ጊዜ እርዱን፣ ይድናል» ብለን ነበር የለመንነው። አፎሻችንም አወጣ፣ ጎረቤቱም አወጣ። አሁን ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይጥለው በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት አለ። ዕድሜ ልክ ነው አሉን። ሄደን ስንጠይቅ ሰው «ድኗል አላላችሁም?» ይለናል። ምን ብዬ ልመልስ?

ሲስተር ሃ፦ እማማ፣ ያንን መድኃኒት አንድ ቀንም እንዳያቋርጥ። ብር አጠረ ብሎ ግማሽ እንዳይውጥ፤ ኩላሊቱን ሊያጣው ይችላል። ሌሎቻችሁ ይሄን አንብቡ። «2 ሚሊዮን ከሞላ ይድናል» የሚል ጽሑፍ የሚጎዳው ሰጪውን ብቻ አይደለም።

ከዚራ ልጅ፦ እሺ ሊቃውንት፣ ጻፉታ! መተቸት ማንም ይችላል።

ሲስተር ሃ፦ ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፣ ቤተሰቡ በደረሰኝ ይተካቸው፦

«ለወንድማችን የዳያሊስስ እርዳታ፦ ንግድ ባንክ (ቁጥር)፣ ስም (ሙሉ ስም)። ከዚህ ሌላ አካውንት የለንም። ወንድማችን 31 ዓመቱ ነው፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ዳያሊስስ ያደርጋል። የአንዱ ዋጋ 2,500 ብር ነው፤ ለአራት ሳምንት 30,000 ይሆናል። እህቱ ልትለግሰው ምርመራ ጀምራለች፣ ውጤቱ ገና ነው። ካለፈች ገንዘቡ ለንቅለ ተከላውና ከዚያ በኋላ ለሚወስደው መድኃኒት ይውላል። ካላለፈች ለዳያሊስሱ ይቀጥላል። እስካለፈው ዓርብ 610,000 ብር ገብቷል፣ 22,500 ወጥቷል። በየዓርቡ እዚሁ እናድሳለን።»

ቶሮንቶ ያለሁት፦ ለዚህ እልካለሁ። «ካላለፈች» የምትለዋ ነው ያሳመነችኝ።

ከዚራ ልጅ፦ እኔን ደግሞ እሷው ናት ያስፈራችኝ። «ውጤቱ ገና ነው» ካልክ ሰው «ይታወቅና እሰጣለሁ» ይላል። 610,000 ገብቷል ካልክ ደግሞ «ኧረ ሞልቶላቸዋል» ይላል። እውነት ጽፋችሁ ልጁ ማሽኑን ቢያጣ ማን ይጠየቃል?

የገንደ ቆሬው፦ ውሸት ጽፈን ለሚቀጥለው ታማሚ ማንም ባይሰጥስ?

ከዚራ ልጅ፦ የሚቀጥለውን ሲመጣ እናያለን። ይሄኛው አሁን ነው ያለው።

ሲስተር ሃ፦ አንድ ነገር ጨምሩ። ቪዲዮው ላይ የልጁ የሕክምና ካርድና የእናቱ ስልክ ይነበባሉ። ማን ፈቀደ? የሆስፒታሉን ደብዳቤ ማሳየት ተገቢ ነው፣ ግን ካርድ ቁጥሩና ስልኩ ይሸፈኑ።

ከዚራ ልጅ፦ ይሄን እነግረዋለሁ።

የገንደ ቆሬው፦ እግረ መንገድህን ጠይቅልኝ። ቪዲዮውን ሳይ ሁለት ማስታወቂያ ወጣብኝ። የዩቲዩቡ ገቢ የማን ነው? «ሙሉ በሙሉ ለሕክምናው» ተብሏል ብዬ ነው።

ከዚራ ልጅ፦ በነጻ ነው የሠራው አልኩህ እኮ!

የገንደ ቆሬው፦ ስለ ሥራው አልጠየቅኩህም። ስለ ማስታወቂያው ነው።

ከዚራ ልጅ፦ ደወልኩለት፣ አያነሳም። ጁምዓ ላይ ነው።

ሳሚ ባንክ፦ ከሰላት ሲወጣ ደውልለት። መጀመሪያ ግን ኮሜንት ላይ ያለውን የሌባ ቁጥር ያጥፋው። አሁን ሳየው አሥራ አራት ሰው ላይክ አድርጎታል።