ክርክር፦ ወኪሉና የባንኩ ሥርዓት ከሳጥኑ ውስጥ ናቸው ወይስ ውጭ?

ሄኖክ (ጠያቂ)፦ ለሞባይል ገንዘብ መተግበሪያ የዩዝ ኬዝ ዲያግራም እየሠራን ነው፤ ይኸውም ሥርዓቱ የሚያከናውናቸውን ሥራዎች፣ ማለትም ዩዝ ኬዞችን፣ የሥርዓቱ ድንበር በሆነ ሳጥን ውስጥ፣ ከሥርዓቱ ጋር የሚገናኙትን አክተሮች ደግሞ ከሳጥኑ ውጭ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ወኪሉን፣ የባንኩን ሥርዓትና አጭር መልእክት የሚልከውን አገልግሎት ከሳጥኑ ውስጥ እናስገባ ወይስ አክተር አድርገን ውጭ እንሣላቸው? ቡድናችን ለሁለት ተከፍሏል።

ዮናስ፦ አክተር ማለት ሥርዓቱን የሚጠቀም ሰው ነው። ስለዚህ ደንበኛውና ወኪሉ ውጭ ይሁኑ። ባንኩና መልእክት ላኪው ግን ማሽኖች ናቸው፤ መተግበሪያው ያለ እነርሱ ስለማይሠራም ቦታቸው ከሳጥኑ ውስጥ ነው።

ትዕግሥት፦ አቶ ዮናስ፣ ወኪሉን ውጭ ማድረግዎ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ሰው መሆኑ አይደለም። እኔ የምጠቀምበት መለያ፣ ቡድኑ ራሱ የሚሠራውና ጠባዩን ሊለውጥ የሚችለው ነገር ነው ወይ የሚለው ነው። የባንኩ ሥርዓት መልስ ቢያዘገይ እናንተ ልታፋጥኑት አትችሉም፤ የምትችሉት መልስ በማይመጣበት ጊዜ የእናንተ ሥርዓት ምን እንደሚያደርግ መወሰን ብቻ ነው። ስለዚህ ባንኩ ማሽን ቢሆንም አክተር ነው። አቶ ሄኖክ፣ ለመሆኑ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስም ምንድን ነው?

ሄኖክ፦ ምንም አልተጻፈበትም።

ትዕግሥት፦ ለሁለት የከፈላችሁ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በሳጥኑ ላይ «የስልክ መተግበሪያ» ብትጽፉ፣ ሒሳብ የሚይዘው የራሳችሁ ሰርቨር እንኳ ከውጭ የሚቆም አክተር ይሆናል። «የሞባይል ገንዘብ ሥርዓት» ብትጽፉ ደግሞ መተግበሪያውም ሰርቨሩም ከውስጥ ስለሚሆኑ በሥዕሉ ላይ ተለይተው አይታዩም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ደንበኛው የሚፈልገው ገንዘቡ መድረሱን እንጂ ሥራው በስልኩ ላይ ወይም በሰርቨሩ ላይ መከናወኑን አይደለምና።

አልማዝ፦ እኔ ሶፍትዌር አልሠራም፤ ሥራዬ ወኪሎችን መከታተል ነው። ከወኪሎቻችን አንዱ በሥራ ሰዓት ለደንበኞች ገንዘብ ይከፍላል፣ ከሥራ በኋላ በግል ቁጥሩ ለቤተሰቡ ይልካል። ይህን ሰው እንዴት ልትሥሉት ነው?

ዮናስ፦ ቀላል ነው። ወኪል የደንበኛ ዓይነት ነው ብለን ከወኪሉ ወደ ደንበኛው የውርስ ቀስት እንሥላለን።

ትዕግሥት፦ ያ ቀስት አደገኛ ነው። ወኪሉ ደንበኛ የሚችለውን ሁሉ ከወረሰ፣ ከወኪልነት ሒሳቡም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገንዘብ ማውጣት ይችላል ማለት ይሆናል፤ ፕሮግራመሩም እንደ ሥዕሉ ይፈቅድለታል። ወይዘሮ አልማዝ፣ አክተር የሚወክለው ግለሰቡን ሳይሆን ሚናውን ስለሆነ፣ ሰውየው አንድ ቢሆንም ሳይወራረሱ የሚቆሙ ሁለት አክተሮች ይሣላሉ።

የመልእክት ላኪውን ነገር ደግሞ «ገንዘብ ማውጣት» በሚለው ዩዝ ኬዝ እንየው። ደንበኛው የወኪሉን ቁጥር፣ መጠኑንና የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል፤ ሥርዓቱ ከደንበኛው ሒሳብ ቀንሶ በወኪሉ ሒሳብ ላይ ይጨምራል፤ ወኪሉ መልእክት ሲደርሰው ጥሬ ገንዘቡን ይቆጥራል። ይህ ርክክብ በሁለት አክተሮች መካከል፣ ከሳጥኑ ውጭ የሚፈጸም ስለሆነ ሥርዓቱ አያየውም፤ ዩዝ ኬዝ ዲያግራምም ከውርስ በቀር በአክተሮች መካከል ያለውን ግንኙነት አይሥልም። መልእክት ላኪውን ከውስጥ ካስገባችሁት «ተልኳል» ማለት «ደርሷል» ማለት ይመስላችኋል፤ ባይደርስስ ብሎ የሚጠይቅም አይኖርም። ውጭ ስታወጡት ግን ጥያቄው ራሱ ይመጣል፤ ከእርሱም ወኪሉ መልእክት ሳይጠብቅ የሚያከናውነው «ግብይት ማጣራት» የሚል ዩዝ ኬዝ ይወለዳል።

አልማዝ፦ «ከሒሳቤ ተቀንሷል» እና «መልእክት አልደረሰኝም» የሚለው ጭቅጭቅ እኔ ዘንድ በየጊዜው ይመጣል። ወኪሉ የሚያጣራበት መንገድ ስለሌለው ሁለቱም ወደ እኛ ይደውላሉ።

ሄኖክ፦ ወደ ባንክ የሚደረግ ዝውውርስ? ባንኩ በ30 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ ገንዘቡን ለደንበኛው እንመልሳለን ብለን ነበር።

ትዕግሥት፦ አትመልሱ። ባንኩ ዝውውሩን ፈጽሞ መልሱ ብቻ በመንገድ ጠፍቶ ከሆነ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ያገኛል። ዝውውሩ «በመጠባበቅ ላይ» ይቆይ፤ ሥርዓቱም በዚያው የግብይት መለያ ቁጥር ባንኩን ደጋግሞ ይጠይቅ፤ ተመላሽ የሚደረገው ባንኩ አለመፈጸሙን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ይህ «ያልተረጋገጡ ዝውውሮችን ማጣራት» የሚባል ራሱን የቻለ ዩዝ ኬዝ ነው፤ ባንኩ በሁለተኛ ደረጃ አክተርነት ይያያዝበታል፤ የሚያስጀምረው አክተር ግን «ሰዓት» ነው።

ዮናስ፦ በባንኩ ጉዳይ ተረትቻለሁ። ሰዓቱን ግን አልቀበልም፤ ማጣራቱን በየጥቂት ደቂቃው የሚቀሰቅሰው ፕሮግራም እኛው የጻፍነውና በሰርቨራችን ላይ ያለ ነው። በራስዎ መለያ ከለካነው ቦታው ከሳጥኑ ውስጥ ነው።

ትዕግሥት፦ ፕሮግራሙ የእናንተ ነው፤ የጊዜው መድረስ ግን የእናንተ አይደለም። ሰዓቱ ካልተሣለ ያ ዩዝ ኬዝ ማንም የማያስጀምረው ሆኖ ይቀራል፤ በግምገማ ወቅትም «ይህ ለማን ነው?» ተብሎ ይሰረዛል።

ዮናስ፦ እንዲያ ከሆነ የሒሳብ ማስታረቅ ኃላፊውን አክተር አድርጌ ብሥለው እመርጣለሁ። ውጤቱን የሚፈልገው እርሱ ነው፤ ሰዓት ምንም አይፈልግም።