ከሜሪላንድ ለምትመጣው አክስቴ የላፕቶፕ ደብዳቤ፦ በ250 ዶላር ቲ480 ብቻ እንድታመጣ እንዴት ልጻፍላት?

የሲቪል ተማሪ፣ ድሬዳዋ (ጠያቂ)
የእናቴ ታናሽ እህት ለጥምቀት ትመጣለች። ላፕቶፕ እንድታመጣልኝ ቤት ውስጥ ተስማምተናል። ከ250 ዶላር ማለፍ አይቻልም። የምፈልገው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው፤ ኦቶካድ በቱዲ እና ኤክሴል እሠራበታለሁ። እሷ ስለ ኮምፒውተር ብዙም አታውቅም። የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ «አክስትዬ፣ ቲንክፓድ ቲ480፣ ጥሩ ራም ያለው፣ ባትሪው ቶሎ የማያልቅ፣ በ250 ዶላር አምጪልኝ።» ይበቃል?

ጥገና ቤት፣ ሳቢያን
አይበቃም ወንድሜ። «ጥሩ ራም» ስትላት ሻጩ ያለውን ሁሉ ጥሩ ነው ይላታል። ቲ480 በ2018 የወጣ ሞዴል ስለሆነ የምታገኘው ያገለገለ ነው። በአንድ ስም የሚሸጠው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ትልቁ ልዩነት ስክሪኑ ላይ ነው። 1366x768 የሆነው ርካሽ ነው፤ ግን ኦቶካድ ስትከፍት የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ግማሹን ቦታ ይበላብሃል። ስለዚህ የስክሪኑ ቁጥር በግልጽ ይጻፍ።

በጀቱም መከፈል አለበት። እዚያ አገር ሻጩ የሚለጥፈው ዋጋ ታክስ የለበትም። ሜሪላንድ 6 በመቶ ይጨመራል። 250 ካልካት የ250 ዕቃ ትመርጥና ስትከፍል 265 ይሆንባታል። ልዩነቱን ከኪሷ ትሸፍናለች፣ ላንተም አትነግርህም። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍላት ነበር፦

«አክስትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እናቴ የነገረችሽ ላፕቶፕ ይህ ነው። ስሙን ሳትቀይሪ ኮፒ አድርገሽ ፈልጊው።

```
Lenovo ThinkPad T480 i5-8350U 16GB 256GB SSD 1920x1080
```

i5-8250U የሚልም ካገኘሽ ችግር የለውም። ከ480 ቀጥሎ s ካለበት ግን እሱ አይደለም። 1920x1080 የሚል ጽሑፍ ከሌለ ተይው። 16GB ከዋጋው ካለፈ 8GB ይሁን። ላፕቶፑ ከነቻርጀሩ፣ ታክስ ሳይጨመር፣ ከ205 ዶላር አይለፍ። በታክሱ ወደ 217 ይሆናል። የሚተርፈው 33 ዶላር ለወፍራሙ የኋላ ባትሪ ነው፤ 72Wh ይላል። በዚያ ዋጋ ካልተገኘ ባትሪው ይቅር። መመለስ ከሚቻልበት ሻጭ ግዢ። ሌላ ሞዴል ይሻላል ካሉሽ ሳትገዢ ፎቶውን ላኪልኝ። ይህን ካጣሽ ባዶ እጅሽን ብትመጪም አልቀየምም።»

የመጨረሻዋን መስመር አትሰርዛት። ዘመድ ባዶ እጁን ላለመምጣት ሲል ያልተጠየቀውን የሚገዛው ይህ ስላልተነገረው ነው።

ከዚራ ልጅ
ቲ480ኤስ ይሻልሃል። ቀጭን ነው፣ ፕሮሰሰሩም ያው ነው። ሰው ሲመጣ ሻንጣው በኪሎ እንደሚጨናነቅ ታውቃለህ። ደግሞ i7 በልላት፤ i5 ለኢንጂነሪንግ ይከብደዋል።

ጥገና ቤት፣ ሳቢያን
ክብደቱ ላይ ልክ ነህ፣ ኤሱ ይቀላል። ግን አንዱ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ እሱ ቢበላሽ አውጥተህ አትቀይረውም። ቲ480 ሁለት የራም ቦታ አለው፣ ሁለቱም ይነቀላሉ። በ8 ጊጋ ቢመጣ እንኳ እዚህ ይጨመርለታል። ባትሪውም ሁለት ነው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ። መብራት ሄዶ የኋላው ሲያልቅ ላፕቶፑን ሳታጠፋ ነቅለህ ሌላ ትሰካለህ። ኤሱ ይህ የለውም።

i7 የሚሉት የዚያው ትውልድ ከሆነ እሱም እንደ i5ው ባለ አራት ኮር ነው። ለቱዲ ሥራ ልዩነቱ ብዙም አይሰማህም። ያን ገንዘብ ስክሪኑና ራሙ ላይ አውለው።

እናት፣ ገንደ ቆሬ
ለልጄ ወንድሜ ከጅዳ ላፕቶፕ አምጥቶለት ነበር። የቻርጀሩ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሆኖ ከቤታችን ማከፋፈያ ጋር አልገጥም አለ። ኪቦርዱም ላይ ዓረብኛ አለበት። ልጄ ለምዶታል፣ ግን አስቀድሞ የሚጠይቅ ይጠይቅ። የአሜሪካውንስ የእኛ መብራት አያቃጥለውም?

ጥገና ቤት፣ ሳቢያን
አያቃጥለውም እናቴ። የቻርጀሩ ጀርባ ላይ 100-240V የሚል ከሆነ በእኛ 220 ይሠራል። የሚለየው ሶኬቱ ብቻ ነው፤ መቀየሪያዋ እዚሁ ትገዛለች።

ነጋዴ፣ መጋላ
እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄደህ ዋጋ ጠይቅ። እዚያ ያገለገለ ላፕቶፕ ሞልቷል፣ ነክተህ አይተህ ትገዛለህ። ስንት ነው የምትፈልገው?

የሲቪል ተማሪ፣ ድሬዳዋ
አመሰግናለሁ፣ ግን እዚህ አልገዛም፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ደብዳቤውን ጥገና ቤት እንዳሉት አስተካክዬ ልልክ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ዕቃው እጇ ሲገባ ደህና መሆኑን እንዴት ታረጋግጣለች? ሁለተኛ፣ እናቴ በብር እንመልስላት ትላለች፣ አክስቴ ደግሞ በስልክ «ተዉት» ብላለች። ደብዳቤው ላይ ልጥቀሰው?

ጡረተኛ መምህር፣ ለገሃር
የገንዘቡን ነገር አንተ አትጻፈው። የእህትማማቾች ጉዳይ ነው፤ እናትህ ትደውልላት። አንተ የዋጋውን ጣሪያ ብቻ አሳውቅ።

ከዚራ ልጅ
እኔ አልስማማም ጋሼ። ዝም ካለ ስጦታ የጠየቀ ይመስላል። አንድ መስመር ቢጽፍ ምን አለበት?

ጥገና ቤት፣ ሳቢያን
እሱን እናንተው ተነጋገሩበት። ስለ ፍተሻው ልንገርህ። ከበረራዋ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማ ትግዛው፤ ችግር ካለ የምትመልስበት ጊዜ ይኑራት።

እነዚህ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከመሥሪያ ቤት የወጡ ናቸው። ስትከፍተው የሌኖቮ ጽሑፍ ሲመጣ F1 ትጫን። ፓስወርድ ከጠየቃት ወዲያው ትመልሰው። ያ ቁልፍ ዊንዶውስ በመቀየር አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቦርድ ያስቀይራል። ቀጥሎ ከዋይፋይ ጋር ታገናኘው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጀምር የማታውቀው ድርጅት ስም መጥቶ በሠራተኛ ኢሜይል ግቢ ካላት፣ እሱም ይመለስ። ቪዲዮ ደውላልህ አብራችሁ ብታዩት ይቀላል።

ባትሪውን ለማየት በቪዲዮ እየነገርካት cmd ከፍታ ይህን ትጻፍ፦

```
powercfg /batteryreport
```

የሚያሳያትን ፋይል ትክፈተው። ሁለት ባትሪ መታየት አለበት። FULL CHARGE CAPACITY ከ DESIGN CAPACITY ግማሽ በታች ከሆነ ባትሪው አርጅቷል። የኋላው ከሆነ ይቀየራል፣ ለዚያ ብላ ላፕቶፑን አትመልሰው።

የሲቪል ተማሪ፣ ድሬዳዋ
ትርፍ ባትሪውንስ ሻንጣ ውስጥ ልትከተው ትችላለች?

ጥገና ቤት፣ ሳቢያን
በጭራሽ። ለብቻው የተያዘ የሊቲየም ባትሪ አውሮፕላን ውስጥ በሚገባው የእጅ ቦርሳ ነው የሚጓዘው፤ በካርጎ ሻንጣ አይፈቀድም። 72Wh ከ100 በታች ስለሆነ በእጅ መያዝ ይቻላል። የብረት መገናኛው ላይ ቴፕ ትለጥፍበት። ላፕቶፑንም አብራ በእጇ ትያዘው።

ድሬ ሲደርስ ደግሞ በሌኖቮ ድረ ገጽ ላይ የማሽኑን ሲሪያል ቁጥር አስገብተህ የተንደርቦልት ፈርምዌሩን አዘምን። የድሮው ፈርምዌር ላይ የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳውን የሚያበላሽ ስህተት ነበር፤ ይህ ላፕቶፕ ቻርጅ የሚደረገውም በዚያው ቀዳዳ ነው። መብራት እንዳይቋረጥብህ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ሥራው።